ገንዘቤን በሁለት ቦታ ስከፍል ስንት ስንት ልበል? ስለ ዝቅተኛ ቫሪያንስ ድርሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋጋቸው የሚዋዥቅ ሁለት ንብረቶች አሉ እንበል። አጠቃላይ መዋዠቁ የሚቻለውን ያህል እንዲያንስ ገንዘቡ በምን ያህል ድርሻ ይከፈል? ፋይናንስ የጀመረ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ቶሎ ያገኘዋል። ቀመሩ አጭር ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ቁጥር እያስገባ መልስ ያወጣና መልሱ ምን እንደሚል ሳያውቅ ማለፉ ነው። ከታች ያሉት በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ክሩ እንዳይበጠስ ከሞላ ጎደል ሁሉንም በአንድ ምሳሌ እመልሳለሁ።

ምሳሌያችን ሁለት ፈንዶች ናቸው። አንዱ የአክሲዮን ፈንድ ነው፣ የዓመት ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ ማለትም ትርፉ ከአማካዩ የሚዋዥቅበት መጠን፣ 18 በመቶ ነው። ሌላው የረጅም ጊዜ ቦንድ ፈንድ ነው፣ የእሱ 10 በመቶ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ኮሪሌሽን፣ ማለትም አብረው የሚንቀሳቀሱበት ልክ ከ−1 እስከ 1 ሲለካ፣ 0.2 ነው። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። እውነተኛ የገበያ ቁጥር ወደ ኋላ ላይ ይመጣል።

ስሌቱን ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

ሦስት ቁጥሮች ብቻ። የመጀመሪያው ንብረት ቫሪያንስ፣ የሁለተኛው ቫሪያንስ፣ የሁለቱ ኮቫሪያንስ። ቫሪያንስ ማለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስለዚህ የአክሲዮኑ 18 × 18 = 324፣ የቦንዱ 10 × 10 = 100 ይሆናል። ኮቫሪያንሱ ኮሪሌሽኑ በሁለቱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖች ሲባዛ ነው፤ 0.2 × 18 × 10 = 36።

እዚህ በመቶኛ ነው የምሠራው፣ ማለትም 18 ብዬ እንጂ 0.18 ብዬ አይደለም። 324፣ 100 እና 36 ለዓይንም ለእጅም ይቀላሉ። በአስርዮሽ መሥራት የሚወድ 0.0324፣ 0.0100 እና 0.0036 ይበል፣ የሚወጣው ድርሻ አንድ ነው። ብቻ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

የሚጠበቀው ትርፍ ከሦስቱ ውስጥ እንደሌለ ልብ በሉ። ስለ እሱ በመጨረሻው ጥያቄ እመለሳለሁ።

ስጋት ለመቀነስ ከሆነ ለምን ሁሉንም ረጋ ባለው ቦንድ ላይ አላደርገውም?

በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ያወቀ ሰው ቀመሩን ባይሸመድድም ችግር የለውም።

ሙሉ ገንዘቡ ቦንድ ላይ ነው እንበል። ቫሪያንሱ 100 ነው። አሁን ከመቶ አንድ እጁን ብቻ አንስተን ወደ አክሲዮን እናዙረው። ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ።

አንደኛ፣ የቦንዱ ድርሻ ከ1 ወደ 0.99 ይወርዳል። በራሱ ሲባዛ 0.9801 ነው፣ ስለዚህ ከቦንዱ የሚመጣው ቫሪያንስ ከ100 ወደ 98.01 ይቀንሳል። ሁለት ነጥብ ያህል ወረደ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አክሲዮኑ የራሱን መዋዠቅ ይዞ ይገባል። ግን ድርሻው 0.01 ስለሆነ በራሱ ሲባዛ 0.0001 ነው። 0.0001 × 324 = 0.03። ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ አብረው በመንቀሳቀሳቸው የሚመጣው አለ። 2 × 0.01 × 0.99 × 36 = 0.71።

ድምሩ 98.76 ገደማ ነው። የበለጠ የሚዋዥቅ ነገር ጨመርን፣ መዋዠቁ ግን ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትንሽ ድርሻ ሲገባ የአዲሱ ንብረት የራሱ ቫሪያንስ ምንም ሚና የለውም ማለት ይቻላል። ሚና ያለው ከነባሩ ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ነው። ኮቫሪያንሱ 36 ነው፣ የቦንዱ ቫሪያንስ ደግሞ 100። 36 ከ100 እስካነሰ ድረስ አክሲዮን መጨመር ያዋጣል።

እየጨመርን ስንሄድ ግን የአክሲዮኑ የራሱ ድርሻ በራሱ እየተባዛ ያድጋል። የሆነ ቦታ ላይ ጥቅሙ ያበቃል። ያ ቦታ ነው የምንፈልገው።

ቀመሩ ከየት መጣ?

በቀመሩ ውስጥ `A` አክሲዮኑ፣ `B` ቦንዱ ነው። `w` የአክሲዮኑ ድርሻ ነው፣ የቦንዱ ደግሞ ቀሪው `1 − w`። `VA` እና `VB` ቫሪያንሶቹ፣ `C` ኮቫሪያንሱ። የድብልቁ፣ ማለትም የፖርትፎሊዮው፣ ቫሪያንስ እንዲህ ይጻፋል።

```
V = w²·VA + (1 − w)²·VB + 2·w·(1 − w)·C
```

ቅንፉን አፍርሰን `w` ያለባቸውን ስንሰበስብ ይህ ይወጣል።

```
V = D·w² − 2·(VB − C)·w + VB
D = VA + VB − 2·C
```

ይህ በትምህርት ቤት የምናውቀው ወደ ላይ የተከፈተ ፓራቦላ ነው። እንደ ጎድጓዳ ሳህን አስቡት። ከታች አንድ ነጥብ አለው፣ እሱም የመሃሉን ቁጥር ግማሽ፣ ማለትም `VB − C`ን፣ ለ`D` ስናካፍል ይገኛል።

```
w* = (VB − C) / (VA + VB − 2·C)
```

ካልኩለስ የሚያውቅ ሰው ዴሪቬቲቩን ዜሮ ቢያደርግ እዚሁ ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። የአክሲዮኑን ድርሻ ስንፈልግ ከላይ የሚቀመጠው የቦንዱ ቫሪያንስ ነው፣ የራሱ አይደለም። ለምን? ሌላው በጣም የሚዋዥቅ ከሆነ የእኔ ድርሻ ከፍ ይላል፣ ሌላው የረጋ ከሆነ የእኔ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ ካያችሁት አይጠፋባችሁም።

ከታች ያለው `D` ደግሞ ትርጉም አለው። የሁለቱ ትርፍ ልዩነት ቫሪያንስ ነው። ቫሪያንስ ስለሆነ መቼም ቢሆን ከዜሮ በታች አይወርድም። ይህን ያዙልኝ፣ ስህተት ለማጣራት ይጠቅመናል።

እሺ፣ በቁጥር ስንት ሆነ?

ከላይ፦ 100 − 36 = 64። ከታች፦ 324 + 100 − 72 = 352። 64 ለ352 ሲካፈል 0.1818 ነው።

ስለዚህ 18.2 በመቶ አክሲዮን፣ 81.8 በመቶ ቦንድ። 100 ሺህ ብር ያለው ሰው 18,200 ገደማውን አክሲዮን ላይ፣ የቀረውን ቦንድ ላይ ያደርጋል ማለት ነው።

ቫሪያንሱስ? የአክሲዮኑ ክፍል 0.0331 × 324 = 10.71። የቦንዱ ክፍል 0.6694 × 100 = 66.94። የጋራው ክፍል 2 × 0.1818 × 0.8182 × 36 = 10.71። ድምሩ 88.36 ነው። ሥሩን ስናወጣ 9.40 በመቶ ይሆናል።

ቦንዱ ለብቻው 10 በመቶ ይዋዥቅ ነበር። ድብልቁ 9.4 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም፣ ትልቅ ነው ብዬም አላጋንንም። ግን ልዩነቱ የመጣው 18 በመቶ የሚዋዥቅ ነገር በመጨመር ነው።

ትክክል መሥራቴን በምን አረጋግጣለሁ?

ብዙ ሰው ድርሻዎቹ ተደምረው 1 መሆናቸውን ያይና ያበቃል። ይህ ምንም አያረጋግጥም። ሁለተኛውን ድርሻ ከ1 ላይ በመቀነስ ካገኘነው ድምሩ ሁልጊዜም 1 ነው።

እኔ የምመክረው ሌላ ማጣሪያ አለ። በዝቅተኛው ነጥብ ላይ እያንዳንዱ ንብረት ከፖርትፎሊዮው ጋር ያለው ኮቫሪያንስ እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ፣ ከፍ ካለው ላይ ትንሽ ቀንሰን ዝቅ ወዳለው ብናዞር ስጋቱ ገና ይወርዳል። ገና የሚወርድ ከሆነ ታች አልደረስንም።

በእኛ ምሳሌ፦ የአክሲዮኑ 0.1818 × 324 + 0.8182 × 36 = 88.36። የቦንዱ 0.1818 × 36 + 0.8182 × 100 = 88.36። እኩል ናቸው። ከዚያም በላይ ከፖርትፎሊዮው ቫሪያንስ ጋር እኩል ናቸው። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ማጣሪያ ነው።

አሁን በጣም የተለመደውን ስህተት እንሥራ። በኮቫሪያንስ ቦታ ኮሪሌሽንን ማስገባት ነው። በ36 ፋንታ 0.2 ብንከት (100 − 0.2) ለ (424 − 0.4) ሲካፈል 0.2356 ይሰጠናል። 23.6 በመቶ አክሲዮን። ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፣ አሳማኝ ይመስላል። ማጣሪያውን ስናደርግ ግን የአክሲዮኑ 103.85፣ የቦንዱ 84.92 ይወጣል። አይገናኙም። ስህተቱ ወዲያው ተያዘ።

ይኸው ስህተት በአስርዮሽ ሲሠራ ደግሞ መልኩ ይለወጣል። ከላይ 0.01 − 0.2 = −0.19፣ ከታች 0.0424 − 0.4 = −0.3576። አሉታዊ ለአሉታዊ ሲካፈል 0.53 ይሆናል። ግማሽ በግማሽ የሚያህል፣ አሁንም የሚታመን መልስ ነው! ግን ከታች ያለው `D` አሉታዊ ሆኗል። አሉታዊ ቫሪያንስ ብሎ ነገር የለም። እዚያው ላይ ማቆም ነው።

ኮሪሌሽኑ ቢለወጥ ድርሻው ምን ያህል ይለወጣል?

በጣም። የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

18 እና 10 እንዳሉ ሆነው ኮሪሌሽኑን ብቻ እንቀያይር። ዜሮ ሲሆን የአክሲዮኑ ድርሻ 100 ለ424 ነው፣ 23.6 በመቶ፤ የድብልቁ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 8.74 ይሆናል። −1 ሲሆን ድርሻው 10 ለ28፣ ማለትም 35.7 በመቶ ነው፣ መዋዠቁም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። አንዱ ሲወርድ ሌላው በትክክል ያካክሳል። በተግባር ግን እንዲህ ያለ ጥንድ አይገኝም።

ወደ ላይ ስንሄድ ደግሞ ድርሻው እየቀነሰ ይመጣል። የሆነ ቦታ ላይ ዜሮ ይገባል። የት? ከላይ ያለው `VB − C` ዜሮ ሲሆን። ይህም የሚሆነው ኮሪሌሽኑ ከሁለቱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖች ውድር ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ትንሹን ለትልቁ ማካፈል። በእኛ ምሳሌ 10 ለ18 = 0.556።

ይህን ቁጥር ከምንም በፊት አስሉት እላለሁ። ኮሪሌሽኑ ከ0.556 ካነሰ መደባለቅ ስጋት ይቀንሳል። ከበለጠ ግን አክሲዮን መጨመር ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ጀምሮ ስጋት ይጨምራል። «ኮሪሌሽኑ ከ1 በታች እስከሆነ ድረስ መደባለቅ ሁልጊዜ ስጋትን ከሁለቱም በታች ያወርዳል» የሚለው በብዙ ቦታ የሚነገር አባባል ትክክል የሚሆነው ሾርት መሸጥ፣ ማለትም ንብረቱን ተበድሮ መሸጥ፣ ሲፈቀድ ብቻ ነው።

ድርሻው አሉታዊ ወጣብኝ። ተሳሳትኩ?

ላይሆን ይችላል። ኮሪሌሽኑን 0.7 እናድርገው። ኮቫሪያንሱ 126 ይሆናል። ከላይ 100 − 126 = −26፣ ከታች 424 − 252 = 172። መልሱ −0.151። ቦንዱ 1.151።

ቀመሩ የሚለው «አክሲዮኑን ተበድረህ ሽጥ፣ በገንዘቡም ተጨማሪ ቦንድ ግዛ» ነው። ሾርት መሸጥ የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ የተሸጠው አክሲዮን ለቦንዱ እንደ ማካካሻ ይሆናል። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑም ወደ 9.80 ይወርዳል።

በተራ የጡረታ ሂሳብ ውስጥ ይህ አይፈቀድም፣ ለአብዛኛው ግለሰብም አይመከርም። ሾርት ማድረግ ካልቻላችሁ መልሱ ዜሮ በመቶ አክሲዮን፣ መቶ በመቶ ቦንድ ነው። ፓራቦላው ከዝቅተኛው ነጥብ ወደ ቀኝ እየወጣ ብቻ ስለሚሄድ፣ ከዜሮ በታች ያለውን ዝቅተኛ ነጥብ ማግኘት ካልተቻለ ለእሱ በጣም የቀረበው የተፈቀደ ነጥብ ዜሮ ነው። በሁለት ንብረት ይህ ቀላል ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን አሉታዊውን ዜሮ አድርጎ ሌላውን መተው ትክክለኛ መልስ አይሰጥም፣ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።

በእውነተኛ የገበያ መረጃ ሲሠራ ምን ይመስላል?

የአሜሪካን እንውሰድ። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን የጡረታ ሂሳባቸውን ሲከፍቱ በብዛት የሚያገኟቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን የሚከተል የአክሲዮን ፈንድና የብሉምበርግን የአሜሪካ አግሪጌት ኢንዴክስ የሚከተል የቦንድ ፈንድ። የኢንዴክሶቹ ዓመታዊ ትርፍ፣ ዲቪደንድና ወለድ ተጨምሮ፣ በመቶኛ እንዲህ ነበር (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

| ዓመት | አክሲዮን | ቦንድ |
|---|---|---|
| 2017 | 21.8 | 3.5 |
| 2018 | −4.4 | 0.0 |
| 2019 | 31.5 | 8.7 |
| 2020 | 18.4 | 7.5 |
| 2021 | 28.7 | −1.5 |
| 2022 | −18.1 | −13.0 |

መጀመሪያ ከ2017 እስከ 2021 ያሉትን አምስት ዓመታት እንውሰድ። የአክሲዮኑ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 14.2፣ የቦንዱ 4.5 ይወጣል። ኮሪሌሽኑ 0.38 ነው። ድርሻው ዜሮ የሚገባበት ወሰን 4.5 ለ14.2፣ ማለትም 0.32 ነው። ኮሪሌሽኑ ከወሰኑ ትንሽ በልጧል። ድርሻውም −2 በመቶ ይሆናል። ያው ዜሮ ነው በሉት።

አሁን መስኮቱን አንድ ዓመት ብቻ እንግፋው፤ ከ2018 እስከ 2022። አክሲዮኑ 21.6፣ ቦንዱ 8.7፣ ኮሪሌሽኑ 0.78። ድርሻው −28 በመቶ!

አንድ ዓመት ወጥቶ አንድ ዓመት ገባ፣ መልሱ ከ«ምንም አክሲዮን አትያዝ» ወደ «ከገንዘብህ ሩብ በላይ የሚሆን አክሲዮን ሾርት ሽጥ» ተቀየረ። በ2022 የሆነው ይታወቃል። የዋጋ ንረት በሰኔ 9.1 በመቶ ደረሰ፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክም ከዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ በታኅሣሥ 4.25 – 4.50 በመቶ አደረሰው። ወለድ ሲወጣ የነባር ቦንዶች ዋጋ ይወርዳል። አክሲዮኑም አብሮ ወረደ። ያቺ አንዲት ዓመት ኮቫሪያንሱን ወደ ላይ ወነጨፈችው።

እንግዲህ ቀመሩ አልተሳሳተም። የሰጠነው ቁጥር ነው የላላው። አምስት ዓመታዊ ቁጥሮች ለኮቫሪያንስ ፈጽሞ አይበቁም። እዚህ የተጠቀምኩባቸው በእጅ ማስላት እንድትችሉና ችግሩ እንዲታያችሁ ነው። ለሥራ ከሆነ ቢያንስ 60 ወርሃዊ ትርፎች ውሰዱ። ከዚያም የመጀመሪያዎቹን 30 እና የኋለኞቹን 30 ለየብቻ አስሉ። ሁለቱ ድርሻዎች በጣም ከተራራቁ ስታቲስቲክሱ የሚነግራችሁ ቁጥሩ አስተማማኝ አለመሆኑን ነው፣ አንዱን መርጣችሁ እንደ እውነት አትያዙት።

ድርሻውን 18.18 ከማለት 20 ወይም 25 ብለው ምን ይቀርብኛል?

ብዙም አይቀርባችሁም። ይህ የሚያጽናና ዜና ነው። ፓራቦላው ታች ላይ ዝርግ ነው። ከዝቅተኛው ነጥብ ስንርቅ የሚጨመረው ቫሪያንስ እንዲህ ይሰላል።

```
V = Vmin + D·(w − w*)²
```

25 በመቶ አክሲዮን ብንይዝ ርቀቱ 0.0682 ነው። በራሱ ሲባዛ 0.00465፣ በ352 ሲባዛ 1.64። ቫሪያንሱ ከ88.36 ወደ 90.00 ይወጣል። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 9.49 ነው። ከ9.40 ጋር አወዳድሩት። ሰባት ነጥብ ያህል ስተን ያጣነው ከአንድ አስረኛ ነጥብ በታች ነው። ስለዚህ ገበያው ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ድርሻ ለማስተካከል መሯሯጥና ኮሚሽን መክፈል አያስፈልግም።

በኤክሴል እንዴት ልሥራው?

በ`B` ዓምድ የአክሲዮኑን፣ በ`C` ዓምድ የቦንዱን ወርሃዊ ትርፍ አስቀምጡ። የአክሲዮኑን ድርሻ ለማስላት መጀመሪያ የተለመደውን የተሳሳተ አጻጻፍ እዩ።

```
=(VAR.S(C2:C61)-COVARIANCE.S(B2:C61,C2:C61))
```

ይህኛው አይሠራም፣ ሆን ብዬ ነው ያስቀደምኩት። የኮቫሪያንሱ የመጀመሪያ ክልል ሁለት ዓምድ ይዟል፣ አካፋዩም የለም። ሲቀዱ ሲለጥፉ በብዛት የሚፈጠረው ይህ ነው። ትክክለኛው ቀጥሎ ያለው ነው።

```
=(VAR.S(C2:C61)-COVARIANCE.S(B2:B61,C2:C61))/(VAR.S(B2:B61)+VAR.S(C2:C61)-2*COVARIANCE.S(B2:B61,C2:C61))
```

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው፣ የምታስገቡት ትርፍ ይሁን እንጂ ዋጋ አይሁን። ለረጅም ጊዜ ሲወጡ የኖሩ ሁለት ዋጋዎች ምንም ባይገናኙም ኮሪሌሽናቸው ከፍተኛ ይመስላል። ሁለተኛው፣ `VAR.S` ከ`COVARIANCE.P` ጋር አይቀላቀል። አንዱ በ n − 1፣ ሌላው በ n ያካፍላል። በ60 ወር ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከላይ ባየነው የ2018 – 2022 ምሳሌ ግን −28 የነበረው −13 ይሆንባችኋል። የድሮው `COVAR` በ n እንደሚያካፍልም አትርሱ።

ወርሃዊም ሆነ ዓመታዊ ብትጠቀሙ በድርሻው ቀመር ላይ 12ቱ ከላይም ከታችም ስለሚጠፋ ችግር የለውም። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ወደ ዓመት ስትቀይሩ ግን በ12 ሥር ማባዛት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ላለ ቤትና ለባንክ አክሲዮን ይሠራል?

ሒሳቡ ይሠራል፣ መረጃው ነው የሚያስቸግረው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የባንክ አክሲዮን የነበረው ሰው በእጁ ያለው በየዓመቱ የተከፈለው ዲቪደንድ ነው። በዲቪደንድ ብቻ ቫሪያንስ ብታሰሉ በጣም ትንሽ ቁጥር ይወጣል። አክሲዮኑ ረግቶ ሳይሆን የዋጋው መውጣትና መውረድ ስላልተመዘገበ ነው።

ቤትም እንደዚያው ነው። ዋጋው የሚታወቀው ሲሸጥ ወይም ደላላ ሲገምተው ነው። ግምቱ ደግሞ ካለፈው ግምት ብዙ አይርቅም። ቀመሩ ይህን እንደ እርጋታ ያነብና ገንዘቡን በሙሉ ወደ ቤት ይገፋል። የማይገበያይ ንብረት ሁልጊዜ ረጋ ያለ ይመስላል። እንዲህ ባለ መረጃ የወጣ 90 በመቶ የሚል ድርሻ ካያችሁ አትመኑት።

እንግዲያው ምርጡ ፖርትፎሊዮ ዝቅተኛ ቫሪያንስ ያለው ነው?

አይደለም። በቀመሩ ውስጥ ትርፍ የለም ብለን ነበር። ቦንዱ በዓመት 4 በመቶ ያስገኛል ብላችሁ ብትጠብቁም፣ ምንም አያስገኝም ብትሉም 18.2 እና 81.8 አይለወጡም። ኢኮኖሚስቱ ሃሪ ማርኮዊትዝ በ1952 እ.ኤ.አ. ይህን አስተሳሰብ ሲያቀርብ ጥያቄው ስጋትና ትርፍን ማመዛዘን ነበር። ዝቅተኛው ነጥብ የዚያ መንገድ መነሻ ነው።

ይህን በምሳሌያችን ማየት ይቻላል። አክሲዮኑ 9፣ ቦንዱ 4 በመቶ ያስገኛል ብለን እንጠብቅ። ዝቅተኛ ቫሪያንስ ያለው ድብልቅ 4.91 በመቶ ይጠበቅበታል፣ በ9.40 መዋዠቅ። ፓራቦላው በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚወጣ ደግሞ፣ ዜሮ በመቶ አክሲዮን ከታችኛው ነጥብ በግራ በኩል በሚርቀው ልክ በቀኝ በኩል ሌላ ነጥብ አለ። እሱም 36.4 በመቶ አክሲዮን ነው። ቫሪያንሱ በትክክል 100፣ መዋዠቁ 10 በመቶ ነው። ሙሉ በሙሉ ቦንድ ከመያዝ ጋር ስጋቱ እኩል ሆኖ የሚጠበቀው ትርፍ ከ4 ወደ 5.82 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ ግምቶቹ ትክክል እስከሆኑ ድረስ ከ18.2 በመቶ በታች አክሲዮን ለመያዝ ምክንያት የለም። ምርጫው የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው።